8% አተረፍክ ተብሎ 4,000 የጎደለበት አካውንት

አንድ ወዳጄ የኢንቨስትመንት አካውንቱን ዓመታዊ መግለጫ ይዞ መጣ። ንዴትም ግራ መጋባትም ይነበብበታል። ወረቀቱ አናት ላይ በደማቅ ጽሑፍ «የዓመቱ ትርፍ 8%» ይላል። ከታች ደግሞ አካውንቱ ውስጥ ያለው 216,000 መሆኑ ተጽፏል። እሱ ግን ከኪሱ አውጥቶ ያስገባው በድምሩ 220,000 ነው።

«220 ሺህ ሰጥቼ 216 ሺህ ነው ያለኝ። ታዲያ ስምንት ፐርሰንቱን ማን በላው?» አለኝ።

ማንም አልበላውም። 8% የሚለው ቁጥር ትክክል ነው። 4,000 ጎደለኝ ማለቱም ትክክል ነው። ቁጥሮቹ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል እንጂ አይጣሉም። ነገሩ የሚወሳሰበው በዓመቱ መሀል ገንዘብ ሲገባ ነው። ጃንዋሪ 1 አስገብቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልነካው ሰው ይህ ራስ ምታት የለበትም፤ በየትኛውም መንገድ ቢያሰላው መልሱ አንድ ነው።

የወዳጄ ዓመት እንዲህ ነበር። ሲጀምር 100,000 አስገባ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገበያው ሰመረለትና ገንዘቡ 20% አድጎ 120,000 ሆነ። ይሄኔ ልቡ ሞቀ። ሌላ ቦታ ያስቀመጠውን 120,000 አምጥቶ ጨመረ፤ አካውንቱ 240,000 ደረሰ። ከዚያ ገበያው ፊቱን አዞረ። በቀሩት ስድስት ወራት 10% ወረደ፤ 240,000 የነበረው 216,000 ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸኩልባቸው ሁለት ስሌቶች አሉ። አንደኛው 100,000 የነበረው 216,000 ሆነ፣ ስለዚህ 116% አደገ የሚለው ነው። ይህ ሰውየው ራሱ ያስገባውን ገንዘብ ትርፍ ብሎ መቁጠር ነው። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ 4,000 ኪሳራን ለ220,000 አካፍሎ 1.8% ከሰርኩ ይላል። ግን ሁለተኛው 120,000 አካውንቱ ውስጥ የቆየው ግማሽ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሠራው ገንዘብ እኩል መቆጠር የለበትም።

ትክክለኛዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። ከመግለጫው ቁጥር እንጀምር።

8% የመጣው በጊዜ ከተመዘነው ትርፍ ነው። ስሌቱ ዓመቱን ገንዘብ በገባበት ቀን ላይ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ይለካል፤ በመጨረሻም ቁራጮቹን በማባዛት ያያይዛል። በመጀመሪያው ቁራጭ አንድ ብር 1.20 ሆነ። በሁለተኛው ቁራጭ አንድ ብር 0.90 ሆነ። 1.20 በ0.90 ሲባዛ 1.08 ይሰጣል፤ 8% ማለት ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ስሌቱ ውስጥ 120,000 የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ወዳጄ በመሀል አንድ ሚሊዮን ቢጨምር ወይም ምንም ባይጨምር መልሱ ያው 8% ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ጃንዋሪ 1 ገብታ ሳትነካ ስለቆየች አንዲት ብር ነው። ስለ ወዳጄ ገንዘብ በሙሉ አይናገርም።

እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው ደንበኛው መቼ እንደሚጨምርና መቼ እንደሚያወጣ አይወስንም። ደንበኛው ገበያው ሊወርድ ሲል 120,000 ይዞ ቢመጣ፣ ያ የአስተዳዳሪው ጥፋት አይደለም። አስተዳዳሪውን ለመመዘን የደንበኛውን መግባትና መውጣት ከስሌቱ ማስወጣት ያስፈልጋል።

በገንዘብ የተመዘነው ትርፍ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ያስገባሁት ብር በቆየበት ጊዜ ልክ በስንት ፐርሰንት ቢያድግ ወይም ቢቀንስ ነው መጨረሻ ላይ ይህ ሒሳብ የሚቀረው? በወዳጄ ጉዳይ፣ 100,000 አንድ ሙሉ ዓመት፣ 120,000 ደግሞ ግማሽ ዓመት ሠርተው በአንድ ዓይነት ዓመታዊ መጠን ድምራቸው 216,000 እንዲመጣ እንፈልጋለን። ያ መጠን የ2.49% ኪሳራ ነው። መፈተሽ ይቻላል። 100,000 በዓመት በዚያ መጠን ሲቀንስ 97,506 ገደማ ይሆናል። 120,000 በግማሽ ዓመት ሲቀንስ 118,494 ገደማ ይሆናል። ሲደመሩ 216,000 ይመጣሉ።

ይህን መጠን በአንድ ማካፈል ማግኘት አይቻልም፤ እየሞከሩ መጠጋት ነው። ኤክሴል ይህን ሥራ ለብቻው ይሠራል። ያስገባችሁትን በመቀነስ ምልክት፣ የመጨረሻውን ሒሳብ ያለ ምልክት ጻፉ፦

```
A            B
2023-01-01   -100000
2023-07-01   -120000
2024-01-01    216000

=XIRR(B1:B3, A1:A3)
```

መልሱ -2.49% ገደማ ነው። ምልክቶቹን ካዘበራረቃችሁ ወይ ስህተት ይላል፣ ወይ ደግሞ ትርጉም የሌለው ቁጥር ይተፋል። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ሒሳብ መጻፍ ይረሳና ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ይላል። የመጨረሻው ሒሳብ የሚጻፈው «ዛሬ ሁሉንም ባወጣ ይህን አገኝ ነበር» በሚል ሐሳብ ነው። ሌላ ወጥመድም አለ። XIRR ሁልጊዜ መልሱን ወደ ዓመት ይቀይረዋል። አካውንቱ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ 3% ቢያድግ፣ እሱ ወደ 42% ገደማ አድርጎ ያሳያችኋል። ያ የተገኘ ትርፍ አይደለም፤ «አሥራ ሁለቱም ወር እንዲህ ቢሆን» የሚል ምኞት ነው።

ኤክሴል አጠገባችሁ ከሌለ በወረቀት የሚሠራ ግምት አለ። ፒተር ዲትዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ባቀረበው ሐሳብ ላይ የቆመ ስለሆነ የተሻሻለው የዲትዝ ዘዴ ይባላል። በላይ በኩል እውነተኛውን ትርፍ ወይም ኪሳራ ትወስዳላችሁ፤ እዚህ 4,000 ኪሳራ ነው። በታች በኩል በዓመቱ በአማካይ ሲሠራ የነበረውን ገንዘብ ታስቀምጣላችሁ፤ 100,000 ሙሉ ዓመት፣ ሲደመር 120,000 በግማሽ ሲባዛ፣ ይህም 160,000 ነው። 4,000 ለ160,000 ሲካፈል የ2.5% ኪሳራ ይሰጣል። ከኤክሴሉ ጋር ምንም ያህል አይራራቅም።

እስካሁን ያለው ወዳጄን አላረካውም። «ታዲያ እኔ በገዛ እጄ ነው የከሰርኩት እያልከኝ ነው?» አለ። በከፊል አዎ። የወዳጄ ገንዘብ ባለበት በዚያው ፈንድ ውስጥ የነበረ ሌላ ሰው እናስብ። እሱም በ100,000 ጀመረ፤ እሱም በስድስት ወር 120,000 ደረሰ። እሱ ግን በዚያ ቀን መጨመሩን ትቶ 60,000 አወጣ። የቀረው 60,000 በ10% ወርዶ 54,000 ሆነ። ያወጣውና የቀረው ሲደመር 114,000 ነው፤ ማለትም 14,000 አተረፈ። በጊዜ የተመዘነው ትርፉ አሁንም 8% ነው። በገንዘብ የተመዘነው ግን 19.6% ነው። አንድ ፈንድ፣ አንድ አስተዳዳሪ፣ አንድ ዓመት፤ አንዱ 2.5% ከሰረ፣ ሌላው 19.6% አተረፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ቀን አንዱ ገንዘብ ማስገባቱ፣ ሌላው ደግሞ ማውጣቱ ብቻ ነው።

(በነገራችን ላይ ይህንኑ በዲትዝ ግምት ብትሠሩት 14,000 ለ70,000፣ ማለትም 20% ይመጣል። ትንሽ ስቷል። የሚገባው ወይም የሚወጣው ገንዘብ ትልቅ ሲሆንና ገበያው ሲዋዥቅ ግምቱ መሳቱ አይቀርም።)

«በገዛ እጄ» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ደመወዝ የሚመጣው በየወሩ ነው። ሰው ያለውን የሚያስገባው ሲያገኝ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የቀኑን ዕጣ ያሳያል፤ ስግብግብነትን ወይም ሞኝነትን አያሳይም። ወዳጄ ገበያው ስለጨመረ ተጎምጅቶ ቢገባ ራሱን ይጠይቅ። ገንዘቡ በዚያ ወር ስለደረሰው ብቻ ከሆነ ግን ምንም የሚወቀስበት የለም።

ደግሞ ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ አይገንም። በመሀል የጨመረው 120,000 ሳይሆን 5,000 ቢሆን ኖሮ 125,000 በ10% ወርዶ 112,500 ይሆን ነበር። ትርፉ 7,500 ነው፤ ለ102,500 ሲካፈል 7.3% ገደማ። ከ8% ብዙም አይርቅም። ቁጥሮቹ ክፉኛ የሚለያዩት የሚገባው ገንዘብ ቀድሞ ካለው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አካውንት ከከፈቱ ሁለት ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ነው። ሃያ ዓመት ያጠራቀመ ሰው የአንድ ወር ቁጠባው ቢገባም ባይገባም ቁጥሩን አያነቃንቀውም።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን ጉድለት ላሳያችሁ። መግለጫው «በጊዜ የተመዘነ» ሲል በእርግጥ እንዲያ ላይሆን ይችላል። ትክክለኛው ስሌት ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት በዚያው ቀን አካውንቱ ስንት እንደነበረ ማወቅ ይፈልጋል። ድርጅቱ አካውንቱን የሚተምነው በወር መጨረሻ ብቻ ከሆነ ያን ቁጥር ከየት ያመጣዋል? አያመጣውም። ስለዚህ በወሩ ውስጥ ያለውን በዲትዝ ግምት ይሠራና ወሮቹን ያባዛቸዋል። አብዛኛውን ወር ችግር የለውም። ችግሩ ትልቅ ገንዘብ ገበያው በሚናወጥበት ወር ሲገባ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ወሩ ሲጀምር አካውንቱ 100,000 ነው። እስከ ወሩ አጋማሽ 10% ወረደና 90,000 ሆነ። በዚያ ቀን 90,000 ጨመራችሁ፤ 180,000 ሆነ። በቀሩት ቀናት ገበያው 10% ወጣና አካውንቱ 198,000 ላይ ወሩን ዘጋ። ትክክለኛው በጊዜ የተመዘነ ውጤት 0.90 በ1.10፣ ማለትም 0.99 ነው፤ የ1% ኪሳራ። ወርኃዊው ግምት ግን የሚያየው 190,000 ገብቶ 198,000 መሆኑን ነው። 8,000 ለ145,000 ያካፍላል፤ 5.5% ትርፍ ብሎ ይጽፋል። አስተዳዳሪው በወሩ ከስሮ ሳለ አትራፊ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ ወርኃዊው ግምት በባሕርዩ በገንዘብ ወደ ተመዘነው ያደላል።

ይህን እንዴት ታውቃላችሁ? ትልቅ ገንዘብ ያስገባችሁበትን ወር ለይታችሁ የአካውንታችሁን የዚያ ወር ቁጥር ፈንዱ ራሱ ለሕዝብ ከሚያወጣው የዚያ ወር ውጤት ጋር አስተያዩት። አካውንታችሁ ያንኑ ፈንድ ብቻ ከያዘና የአስተዳደር ክፍያውም ከታሰበበት ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው። በብዙ ከተራራቁ ስሌቱ በቀን አልተቆረጠም ማለት ነው። ድርጅቱን «አካውንቴን የምትተምኑት በየቀኑ ነው ወይስ በየወሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱም እንደዚያው መሆን አለበት።

ራሳችሁ ስታሰሉ ደግሞ ገንዘብ ገባ የሚባለው የቱ እንደሆነ ለዩ። አክሲዮኑ የከፈለው የትርፍ ድርሻ እዚያው አካውንት ውስጥ ከቀረ ከውጭ የገባ ገንዘብ አይደለም፤ ትርፍ ነው። እሱን እንደ ማስገባት መዝግቦ ትርፌ አነሰ የሚል ሰው አይቻለሁ። ከአካውንቱ ላይ የሚቆረጥ የአስተዳደር ክፍያም እናንተ እንዳወጣችሁት ገንዘብ አይመዘገብም። ክፍያው ትርፉን የሚበላ ወጪ ስለሆነ ስሌቱ ውስጥ ዝም ብሎ ይቅር፤ የመጨረሻው ሒሳብ ላይ ራሱ ይታያል። መመዝገብ ያለበት የአካውንቱን ደጃፍ ተሻግሮ የገባና የወጣ ገንዘብ ብቻ ነው።

ሙያው ራሱ ሁለቱን ይጠቀማል። የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ውጤታቸውን የሚያቀርቡበት ጂአይፒኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በመሠረቱ የሚጠይቀው በጊዜ የተመዘነውን ነው። ገንዘቡ መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚወስነው አስተዳዳሪው ራሱ ሲሆን ግን፣ ለምሳሌ የግል ኩባንያዎችን በሚገዙ ፈንዶች፣ በገንዘብ የተመዘነውን ማቅረብ ይፈቅዳል። ቀኑን የመረጠ ሰው በቀኑ ይጠየቅ ማለት ነው። ካናዳ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ለግለሰብ ደንበኞቻቸው በገንዘብ የተመዘነውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ አድርጋለች። እኔ ይህ ለደንበኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቢጻፉ ደግሞ ከሁሉም ይሻል ነበር፤ ወዳጄም ወረቀት ይዞ ሲናደድ ባልዋለ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሌላ ነገር አወጣ። ስልኩ ላይ የገበያውን አጠቃላይ ውጤት አይቷል፤ መለኪያው ኢንዴክስ በዚያ ዓመት 1.2% ነው ያደገው። «እኔ 2.5% ከስሬያለሁ። ገበያው ግን አትርፏል። ይሄን አስተዳዳሪ ማባረር አለብኝ።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኢንዴክስ ቁጥር ሁልጊዜ በጊዜ የተመዘነ ነው፤ ኢንዴክሱ ውስጥ ማንም ገንዘብ አይጨምርም። በገንዘብ የተመዘነውን የራሱን 2.5% ኪሳራ ከዚያ ጋር ማወዳደር ኪሎን ከሜትር ጋር ማወዳደር ነው። ሁለት ትክክለኛ ማወዳደሪያዎች አሉ። አንደኛው 8%ን ከ1.2% ጋር ማየት ነው፤ በዚህ አስተዳዳሪው ገበያውን በሰፊው በልጧል።

ሁለተኛው ይበልጥ ደስ ይለኛል። የራስን ገንዘብ፣ በዚያው ቀንና በዚያው መጠን፣ ኢንዴክሱ ውስጥ እንዳስገቡት አድርጎ ማስላት ነው። ኢንዴክሱ በመጀመሪያው ግማሽ 15% ወጥቶ በሁለተኛው 12% ወርዶ ነበር። 100,000 መጀመሪያ 115,000 ይሆናል። 120,000 ሲጨመር 235,000። በ12% ሲወርድ 206,800 ይቀራል። ማለትም ወዳጄ ያንኑ ገንዘብ በዚያው ቀን ገበያው ላይ ቢያደርገው ኖሮ 13,200 ይከስር ነበር፤ በዲትዝ ግምት 8.25% ገደማ ነው። ሊያባርረው ያሰበው ሰው ያሳጣው 4,000 ብቻ ነው።

ዝም ብሎ ወረቀቱን አገላበጠ። «እና ሰውየው ጎበዝ ነው ማለት ነው?»

በዚህ ዓመት አዎ፤ የአንድ ዓመት ውጤት ግን ዕድልም ሊሆን ይችላል። በእስክሪብቶ 8% ከሚለው ጎን «የሱ» ብሎ ጻፈ። ከስሩ -2.49% አሰፈረና «የኔ» አለው።